ለስክሪፕት ጸሐፊዎች ፌሎሺፕ ማመልከት፦ ስለ ከቨር ሌተሩና ስለ ስክሪፕት ናሙናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ «አልተመረጡም» ተብያለሁ። በኋላ ደግሞ ለሁለት ዙር በአንባቢነት ተቀምጬ የሌሎችን ማመልከቻ አንብቤያለሁ። ከወዲያና ከወዲህ ሆኜ ካየሁት፣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

በጥቅሉ ውስጥ ምን ምን ይገባል?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ከቨር ሌተርና የስክሪፕት ናሙና። ከነሱ ጋር ብዙ ጊዜ ሎግላይን (ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር)፣ ሲኖፕሲስና አጭር የሕይወት ታሪክ ይጠየቃል።

የናሙናው መጠን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። የሰንዳንስ ኢንስቲትዩት የስክሪፕት ላብ ለዓመታት በመጀመሪያው ዙር ሲጠይቅ የኖረው የስክሪፕቱን የመጀመሪያ አምስት ገጽ ብቻ ነው፤ ሙሉውን የሚያስልከው ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፉትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የኦስካር አካዳሚ የኒኮል ፌሎሺፕ ደግሞ የሚያወዳድረው በሙሉ ርዝመት የፊልም ስክሪፕት ነው። አሥር ገጽ የሚጠይቁም አሉ፣ «ከመረጡት ቦታ» የሚሉም አሉ።

ከዚህ በታች የምመልሰው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ይዤ ነው፦ አንድ ገጽ ደብዳቤና ከሙሉ ስክሪፕት ውስጥ ራስዎ የሚመርጡት አሥር ገጽ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምርጫው ራሱ ስለ ጸሐፊው ይናገራልና።

ከቨር ሌተሩ ውስጥ ምን ልጻፍ?

ስክሪፕቱ ሊናገር የማይችለውን። ስክሪፕቱ እርስዎ ትዕይንት መሥራት እንደሚችሉና ሰዎችን ማናገር እንደሚያውቁ ያሳያል። የማያሳየው ሦስት ነገር ነው። ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው ይልቅ እርስዎ ለምን ያዙት? ስክሪፕቱ አሁን የትኛው ረቂቅ ላይ ነው፣ የቱ ጋ እምቢ ብሎዎታል? በፌሎሺፑ ወራት ምን ሊሠሩ ነው?

ሁለተኛውን ሰው ይፈራዋል። «ጉድለቴን ካወራሁ ይጥሉኛል» ይላሉ። ነገር ግን አብዛኛው ፌሎሺፕ ልምድ ካላቸው ጸሐፊዎች ጋር ተቀምጦ ረቂቅ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ስክሪፕቴ አልቋል፣ እንከን የለውም የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው «ታዲያ እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። በተቃራኒው ችግሩን በገጽ ቁጥር የሚያውቅ ጸሐፊ ምክር ቢሰጠው ሊጠቀምበት እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያል።

እዚህ ላይ ግን ልዩነት አለ። እንደ ኒኮል ባሉት ዘንድ የተመረጠው ሰው በፌሎሺፑ ዓመት አዲስ የሙሉ ርዝመት ስክሪፕት እንዲጽፍ ይጠበቃል። እንዲህ ሲሆን ስለ ተላከው ስክሪፕት ጉድለት ማውራት ቦታው አይደለም፤ ስለሚቀጥለው ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጀመርዎ በፊት «ገንዘቡና ጊዜው የሚሰጠኝ ይህን ለማሻሻል ነው ወይስ አዲስ ለመጻፍ?» የሚለውን ከመመሪያው ላይ ይፈልጉ። አንዱን ደብዳቤ ለሁሉም የሚልኩ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው።

በምሳሌ ቢያሳዩን?

እሺ። ምሳሌው ለማሳያ የሠራሁት ነው፤ ስሕተቶቹ ግን ሁሉም ያነበብኳቸው ናቸው።

አመልካቿ «ያልተመዘገበ» የሚል የ108 ገጽ ስክሪፕት አላት፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ማርታ ትባላለች። ሎግላይኑ እንዲህ ይላል፦ «ለ19 ዓመት የችሎት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጥ የኖረች ሴት፣ አንድ ሰው ዕድሜ ልክ የተፈረደበትን መዝገብ እንደገና ስታዳምጥ፣ ምስክሩ ‹አላየሁትም› ያለውን ‹አየሁት› ብላ የጻፈችው ራሷ መሆኗን ታውቃለች፤ እውነቱን ካወጣች በ19 ዓመት ውስጥ የገለበጠችው ሁሉ ሊጠረጠር ነው።»

የደብዳቤዋ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦

> «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፊልም ጥበብ ልዩ ፍቅር ያለኝ ሲሆን፣ የተከበረው ተቋማችሁ ያዘጋጀውን ይህን ወርቃማ ዕድል አግኝቼ ችሎታዬን ለማሳደግ ያለኝን ጽኑ ፍላጎት እየገለጽኩ፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ጥፋተኝነት ስሜትና ስለ ይቅርታ የሚያወሳውን ጥልቅ ድራማዬን አቅርቤያለሁ።»

ሰዋስዉ አልተሳሳተም። ግን ከሥሩ የማንም ስም ቢፈረምበት ያስኬዳል። «ፍትሕ፣ ጥፋተኝነት፣ ይቅርታ» የሚሉት ቃላት የሺህ ስክሪፕት ጭብጥ ናቸው፤ በዚያ ላይ «ጥልቅ» የሚለውን መፍረድ ያለበት አንባቢው እንጂ ጸሐፊዋ አይደለችም። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦

> «ስድስት ዓመት የስብሰባና የችሎት ድምፅ እየገለበጥኩ ኖሬያለሁ። የሰዎችን ሳልና ትንፋሽ ሳይቀር አውቅ ነበር፤ አንዳቸውንም ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ማታ የጨረስኩትን ገጽ ከድምፁ ጋር ሳስተያይ፣ ‹አልፈረምኩም› ያለውን ሰው እኔ አስፈርሜው አገኘሁ። አርሜ ላክሁት፤ ማንም አላወቀም። ‹ያልተመዘገበ› የተጀመረው ባላስተያየውስ ኖሮ ብዬ ካሰብኩበት ሌሊት ነው።»

ይህን ሌላ ሰው ሊፈርምበት አይችልም። ስለ ፍትሕ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ግን «ባላስተያየውስ ኖሮ» የምትለዋ የስክሪፕቱን ጭብጥ ይዛለች። ቀጥሎ ስለ ረቂቁ ትናገራለች፦

> «አሁን ያለው ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ያላረካኝ ከገጽ 60 በኋላ ያለው ነው። ማርታ ምስጢሩን ለጠበቃው ከነገረችው በኋላ ታሪኩን የሚነዳው ጠበቃው ይሆናል፣ እሷ ከዳር ቆማ ትመለከታለች። ጠበቃውን ባወጣው ታሪኩ ቀጠነብኝ። ምስጢሩን ወደ ገጽ 85 ባዘገየው መሃሉ ቆመብኝ። በፌሎሺፑ ወራት መፍታት የምፈልገው ይህን ነው።»

«ምክር እፈልጋለሁ» ብትል ማንም አይሰማትም ነበር። ሁለት መንገድ ሞክራ ሁለቱም ለምን እንዳልሆነላት ስትናገር ግን አንባቢው ሳይወድ በግዱ ሦስተኛውን መንገድ ማሰብ ይጀምራል። አማካሪ የሚሆነው ሰው እዚያ ላይ ተያዘ ማለት ነው።

የቀረው አጭር ነው፦ የት የት እንደ ጻፈች በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ለምን ይህን ፌሎሺፕ እንደ መረጠች በአንድ። የመጨረሻው ከመመሪያው ላይ የተገኘ ተጨባጭ ነገር ይያዝ፤ ለምሳሌ ረቂቁን ሁለት ጊዜ ከአማካሪ ጋር ማየት ከተቻለ ያን ይጥቀሱ። የተቋሙን ስምና ዝና ማወደስ ቦታ ከማባከን አያልፍም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሽልማትና ትምህርት ከሌለኝስ?

አይጥቀሱት። «ምንም እንኳ የፊልም ትምህርት ባልማርም» ብሎ መጀመር ማንም ያልጠየቀውን ይቅርታ መለመን ነው። ከላይ ያለችው አመልካች ሽልማት የላትም፤ ስድስት ዓመት የጆሮ ማዳመጫ ማድረጓ ግን ለዚህ ስክሪፕት ከሽልማት በላይ ይሠራል።

ታሪኩን ደብዳቤው ውስጥ ልተርከው?

ሎግላይኑን ብቻ፤ እሱም ሌላ ቦታ ካልተጠየቀ። ታሪክ መተረክ የሲኖፕሲሱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ ሲኖፕሲስ ላይ መጨረሻውን አይደብቁ። «ማርታ ምን ትወስን ይሆን?» ብሎ ማቆም የፖስተር ነገር ነው፤ ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ጸሐፊው መጨረሻ እንዳለው ነው።

የትኞቹን አሥር ገጾች ልላክ?

መመሪያው «የመጀመሪያዎቹን» ካለ ምርጫ የለም። ምርጫው የእርስዎ ሲሆን ግን፣ የሚከለክልዎት ከባድ ምክንያት ከሌለ የመጀመሪያዎቹን አሥር ይላኩ። አንደኛ ማብራሪያ አይፈልጉም። ሁለተኛ፣ እንግዳን ሰው ወደ ታሪኩ ማስገባት ከሁሉ የከበደው ሥራ ስለሆነ አንባቢው እሱን ማየት ይፈልጋል። ከመሃል የተላከ ናሙና ሲደርሰኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «መጀመሪያው ምን ሆኖ ነው?» የሚል ነበር።

የእኛዋ አመልካች ገጽ 31–40 መላክ ፈልጋ ነበር፤ ምክንያትም ነበራት። እዚያ ላይ ማርታ የሥራ ባልደረባዋን ጠርታ ካሴቱን ታስደምጠዋለች። የምትፈልገው «አላየሁትም» እንዲላት ነው፤ ምክንያቱን ግን ልትነግረው አትችልም። እሱ ደግሞ የተገለበጠው ገጽ ፊቱ ስላለ የሚሰማው ያነበበውን ነው፤ «አየሁት» ይላታል። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ የምትፈልገውን መናገር የማትችልበት። ከዚህ የተሻለ ትዕይንት በስክሪፕቱ ውስጥ የለም።

ችግሩ ይህን ለመረዳት አራት ነገር አስቀድሞ ማወቅ ማስፈለጉ ነው፦ ማርታ ማን ናት፣ ካሴቱ የምን ነው፣ የተፈረደበት ሰው ምን ሆነ፣ እሷስ ለምን በግልጽ አትጠይቅም። አራቱም ካልታወቁ ትዕይንቱ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቃል የሚከራከሩበት ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾችስ? ገጽ 1 ላይ የማንቂያ ደወል ይጮኻል። ማርታ ትነሣለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ በር ላይ ትፈተሻለች፣ ሰው ሰላም ትላለች። ካሴቱ የሚመጣው ገጽ 9 ላይ ነው። ለካ 31–40ን ያስመረጣት ይህ ነው፤ መጀመሪያው ደካማ መሆኑን ልቧ ያውቀዋል። መፍትሔው ሌላ ገጽ መምረጥ ሳይሆን መጀመሪያውን መቁረጥ ነበር። ከደወሉ እስከ ፍተሻው ያለው ሁሉ ወጣ፤ ስክሪፕቱ አሁን እንዲህ ይጀምራል፦

> ውስጥ። የድምፅ ክፍል። ሌሊት
>
> ጨለማ። የካሴት ማጫወቻ ጠቅ ይላል።
>
> የዳኛ ድምፅ
> ተከሳሹን በዚያች ሌሊት አይተውታል?
>
> ዝምታ። ወንበር ሲጥ ይላል።
>
> የምስክር ድምፅ
> ...የሁት...
>
> ሳል። ብርሃን።
>
> ማርታ (46) የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭናለች። በእግሯ ፔዳሉን ትረግጣለች። ካሴቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የወንበሩ ሲጥታ «አላ»ን ይበላዋል፣ ሳሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን «ም»። የቀረው «የሁት» ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የስክሪፕቱ ጉዳይ በሙሉ በመጀመሪያው ግማሽ ገጽ ላይ አለ፣ ያውም ማንም ምንም ሳያብራራ። ፔዳሉን ልብ ይበሉ፤ ድምፅ ገልባጮች እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ስለሆነ ድምፁን የሚያቆሙትና የሚመልሱት በእግራቸው ነው። ደብዳቤው ላይ «ስድስት ዓመት ገልብጫለሁ» ያለችውን አንባቢው እዚህ ሲያገኘው ያምናታል። ደብዳቤውና ናሙናው እርስ በርስ መመስከር አለባቸው የምለው ይህን ነው። ደብዳቤው ስለ ድምፅ አውርቶ ናሙናው የመኪና ማሳደድ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱም ጥሩ ሆነው ሳለ ጥቅሉ ይፈርስ ነበር።

ከተለያየ ቦታ ጥሩ ጥሩውን ቆርጬ ባቀርብስ?

አይሆንም። ናሙና ተከታታይ ገጽ ነው። ትዕይንት ከትዕይንት እንዴት እንደሚያያዝ ከቆራረጡት አይታይም፣ የጸሐፊ ሙያ ግማሹ ደግሞ እሱ ነው።

አሥር ገጽ ከተባለ አሥራ አንደኛ አይላኩ። ዘጠኝ ተኩል ግን ይቻላል፤ እንዲያውም አሥረኛው ገጽ በንግግር መሃል የሚቆረጥ ከሆነ ቀደም ብሎ አንድ ነገር በተለወጠበት ቦታ ማቆም ይሻላል። በእኛ ምሳሌ ናሙናው የሚያበቃው ማርታ ካሴቱን ወደ መደርደሪያው ልትመልስ ስትል ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ነው። እስከዚያ ድረስ ሰሚ ነበረች፤ አሁን ጥፋተኛ ሆነች።

ከመሃል መላክ የግድ ከሆነብኝ ማብራሪያ ላስገባ?

ከተፈቀደ፣ ከናሙናው በፊት በተለየ ገጽ ላይ ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ትዕይንቱን ለመረዳት የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ፦ «ማርታ ድምፅ ገልባጭ ናት። ከ19 ዓመት በፊት የገለበጠችው መዝገብ ስሕተት እንዳለበት ጠርጥራለች። በዚያ መዝገብ የተፈረደበት ሰው እስር ቤት ነው። ባልደረባዋ ይህን አያውቅም።» «በጭንቀት ተውጣ» የሚል አይጨምሩ፤ መጨነቋን ገጾቹ ያሳዩ።

ቅርጹ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ታሪክ አያሻሽልም፣ ግን ለማስጣል ይበቃል። ደረጃው የታወቀ ነው፦ ኩሪየር ባለ 12 ነጥብ ፊደል፣ በግራ በኩል አንድ ኢንች ተኩል ኅዳግ። የግራው የሚሰፋው ወረቀቱ ተበስቶ ስለሚታሰር ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ፒዲኤፍ ቢሆንም ልማዱ እንደ ቀጠለ ነው። በዚህ ቅርጽ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል። አሥራ ሁለት ገጽ የነበረውን መስመር በማጥበብ አሥር ያደረጉ ሰዎች አሉ። አይሞክሩት፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪፕት ሲያይ የዋለ ዓይን ገጹ ሲጠቁር ሳያነበው ያውቀዋል።

የትዕይንት ቁጥር ካለ ያውጡት፤ እሱ ወደ ቀረጻ ለሚሄድ ስክሪፕት ነው። «ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋል» የሚሉ ትእዛዞችንም ይቀንሱ። ከላይ ባለው ምሳሌ «በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭናለች» ሲባል አንባቢው በራሱ ቀረብ ብሎ አይቷታል።

በፊደላችን ለሚጽፉ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኩሪየር የግዕዝ ፊደላት የሉትም። ሶፍትዌሩ ሳይነግርዎ በሌላ ቅርጸ ፊደል ይተካቸዋል፤ የአንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ግምትም ይዛባል። ርዝመቱን ለማወቅ ጮክ ብለው በሰዓት ያንብቡት።

ስክሪፕቱ ተተርጉሞ የሚላክ ከሆነስ?

መግለጫውን መተርጎም ቀላል ነው፤ ንግግሩ ላይ ነው ጣጣው። ተርጓሚው ከጨረሰ በኋላ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ንግግሩን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። የተደናቀፈበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፣ እዚያ ላይ ትርጉሙ ወረቀት ወረቀት ይላል።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ጨርሶ አይተረጎምም፣ እንደገና ይሠራል። የማርታን ካሴት ይውሰዱ። በአማርኛ አፍራሹ ከግሱ ፊትም ኋላም ስለሚገባ ቃሉን ለማምታታት ሁለት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ወንበሩና ሳሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ዲድ» እና «ዲድንት» የሚለያዩት በጅራታቸው ብቻ ስለሆነ አንድ ሳል ይበቃል። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ወንበሩን ያለ ሥራ ያስጮኸዋል። አመልካቿ በእንግሊዝኛው ረቂቅ ወንበሩን አውጥታ ሳሉን ከምስክሩ ቃል መጨረሻ ጋር አጋጠመችው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ተርጓሚው ብቻውን እንዲወስን አይተዉለት።

«የጸሐፊው ስም እንዳይታይ» ከተባለ ምን ምን ላጥፋ?

ስም የሚደበቅባቸው ቦታዎች ሰው ከሚያስበው በላይ ናቸው። የሽፋን ገጽ፣ በየገጹ አናት ላይ ያለው መስመር፣ የፋይሉ ስም፣ እና ከሁሉ የሚረሳው የፒዲኤፉ ባሕርያት። ፋይሉን በአክሮባት ከፍተው `Document Properties` የሚለውን ሲከፍቱ `Author` በሚለው ቦታ ስምዎ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ይሞላዋል።

እኔ አንድ ጊዜ የሽፋኑን ገጽ አጽድቼ፣ ኮፒራይት የሚለውን መስመር ሳይቀር አጥፍቼ፣ ፋይሉን በራሴና በአባቴ ስም ሰይሜ ላክሁት። ያመለከትኩበት ቦታ በሁለት መስመር ደብዳቤ ውጭ አደረገኝ። መናደድም አልቻልኩ፤ መመሪያው ላይ በደማቁ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን በስክሪፕቱ ስምና በገጹ ብዛት ብቻ ነው የምሰይመው፦ `Yaltemezegebe_10p.pdf`።

በስውር በሚነበብበት ቦታ ናሙናውን የሚያነበው ሰው ደብዳቤውን ላያየው ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን ካላነበቡ የማይገባ ነገር ናሙናው ውስጥ አይኑር።

ከሌላ ሰው ጋር የጻፍኩት ወይም ከመጽሐፍ የወሰድኩት ቢሆንስ?

አብሮ የተጻፈ ከሆነ አብሮ ማመልከት የሚፈቀድ መሆኑን መመሪያው ላይ ይዩ፤ ብዙ ቦታ ሁለቱም አንድ ማመልከቻ ያስገባሉ። የባልደረባን ስም አውጥቶ ብቻ ማመልከት ግን ከሥነ ምግባርም ከሕግም ያጣላል። ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ መብቱን የያዙበት ጽሑፍ ይኑርዎ፤ ከሌለዎት ሌላ ስክሪፕት ይላኩ።

በአየር ላይ ላለ የቴሌቪዥን ድራማ የጻፍኩትን ክፍል ልላክ?

«ስፔክ» ተብሎ ከተጠየቀ ብቻ። የቴሌቪዥን ጸሐፊዎችን የሚያሠለጥኑ አንዳንድ ፕሮግራሞች፣ ጸሐፊው የሌላውን ድምፅ መያዝ መቻሉን ለማየት ይጠይቁታል። የፊልም ፌሎሺፕ ግን የራስዎን ሥራ ነው የሚፈልገው።

ከላክሁ በኋላ ያሻሻልኩትን ረቂቅ ልተካው?

በአብዛኛው አይቻልም። ቀነ ገደቡ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ሲቀረው የታረመ ገጽ ብዙ ጊዜ አዲስ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ ከሦስት ቀን በፊት ይዝጉት።

ከመላኬ በፊት ማንን ላስነብበው፣ ምንስ ልጠይቀው?

ስክሪፕቱን የማያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ናሙናውን ብቻ ይስጡት፣ ደብዳቤውን ይደብቁ። «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁ፤ ወዳጅ ከሆነ ወደድኩት ይላል። ይልቅ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህች ሴት ምን ትፈልጋለች? ገጽ 11 ላይ ምን የሚሆን ይመስልሃል? ለሁለተኛው ምንም መልስ ካጣ ናሙናው የሚያበቃበት ቦታ አልተገኘም። መልሱ ከስክሪፕቱ ጋር ባይገጥም ግድ የለም፤ ዋናው መገመት መጀመሩ ነው።

ከዚያ ደብዳቤውንና እርሳስ ይስጡት። ሌላ አመልካች ሊጽፈው የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስምርበት። የእኛዋ አመልካች ይህን ያስደረገችው ወንድሟን ነው። ስለ ገጽ 11 ሲጠየቅ «ካሴቱን ይፈልጉትና ያጡታል» አለ። በስክሪፕቱ ውስጥ ካሴቱን የሚፈልግ ሰው እስከ ገጽ 24 ድረስ የለም፤ እሷም ጥቂት አሰበችና ያን ትዕይንት ወደ ፊት አመጣችው። ደብዳቤው ላይ ያሰመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው፣ «ይህን ዕድል ባገኝ በትጋት እንደምሠራ ቃል እገባለሁ» የሚለው። ሰረዘችው።